ቤዝ ቮልቴጅ አንዴ ይመረጣል፤ ሌላው ከትራንስፎርመሩ ይወጣል

አንድ ወጣት መሐንዲስ የሠራውን የሾርት ሰርኪት ስሌት እንድመለከትለት ነጠላ መስመር ንድፉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ንድፉ ንጹሕ ነበር። ጄኔሬተሩ፣ ትራንስፎርመሮቹ፣ የ132 ኬቪ መስመሩና የ15 ኬቪ ፊደሩ ሁሉም በየቦታቸው አሉ። በየባስባሩ አጠገብ ቤዝ ቮልቴጁን በቀይ እስክሪብቶ ጽፎበታል፤ 13.8፣ 132፣ 15 እና 0.4 ኬቪ። የስሌቱን ገጽ ገና ሳልገልጥ ውጤቱ ልክ እንደማይመጣ ገባኝ። እነዚህ አራት ቁጥሮች መስመሮቹ የሚጠሩባቸው ስሞች ናቸው። በመካከላቸው ያሉት ትራንስፎርመሮች ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀይሩት በእነዚህ ቁጥሮች አይደለም፤ የሚቀይሩት በኔምፕሌታቸው ላይ በተጻፈው ሬሾ ነው።

ፐር ዩኒትን ተምረው የወጡ ብዙ ሰዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ቀመሩን ያውቁታል፤ የሚስቱት ቀመሩ ውስጥ የሚያስገቡትን ቤዝ ነው። ስለዚህ ከታች አንድ ንድፍ ይዘን ከጄኔሬተር እስከ ቤት መግቢያው 0.4 ኬቪ ድረስ ደረጃ በደረጃ እንሄዳለን። ካልኩሌተር ከጎንዎ ያድርጉ፤ ቁጥሮቹን እየተከተሉ ቢሠሯቸው ይጠቅማል።

ኦምን እንዳለ መደመር ለምን አይቻልም

የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ይለያል። ከሁለቱም የመጣ ጤፍ ካለዎት ሁለትና ሦስት አምስት ቁና ነው ብለው መደመር አይችሉም፤ አስቀድመው ወደ አንድ መስፈሪያ ማምጣት አለብዎት። በትራንስፎርመር ወዲያና ወዲህ ያለ ኦምም እንደዚሁ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቴጅን ባበዛበት ልክ ከረንትን ይቀንሳል። ኢምፒዳንስ ደግሞ ቮልቴጅ ለከረንት ሲካፈል የሚገኝ ስለሆነ፣ በትራንስፎርመሩ ውስጥ ሲታይ በሬሾው ካሬ ይለወጣል። ለምሳሌ 132 ለ 16 የሆነ ትራንስፎርመር ሬሾው 8.25 ነው፤ ካሬው 68.06። በ132 ኬቪ በኩል 32 ኦም የሆነ መስመር ከ16 ኬቪ በኩል ሲታይ 0.47 ኦም ብቻ ይሆናል።

አንድ ትራንስፎርመር ብቻ ካለ ይህን በእጅ ማሻገር ቀላል ነው። ሦስት፣ አራት ሲሆኑ ግን የትኛው ኦም በየትኛው በኩል እንደተቆጠረ ይምታታል። ፐር ዩኒት የሚያደርገው እያንዳንዱን መጠን በዚያው ቦታ ላለው ቤዝ ማካፈል ነው። ቤዙ ራሱ በትራንስፎርመሩ ሬሾ ስለሚቀየር፣ ኢምፒዳንሱም ቤዙም በእኩል ይቀየራሉ፤ ሲካፈሉ ለውጡ ይጣፋል። ያኔ ትራንስፎርመሩ በወረቀት ላይ አንድ ተራ ሪአክታንስ ሆኖ ይቀራል፤ ከግራውም ከቀኙም ሲታይ ቁጥሩ አንድ ነው።

ይህ የሚሆነው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ በትራንስፎርመሩ ግራና ቀኝ የጻፏቸው ሁለት ቤዝ ቮልቴጆች ሬሾ ከትራንስፎርመሩ ሬሾ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከዚህ በኋላ የምነግርዎት ሁሉ ይህን ቅድመ ሁኔታ ስለመጠበቅ ነው።

መጀመሪያ ኔምፕሌቶቹን ይሰብስቡ

የምንሠራበት ንድፍ ይህ ነው። የኢትዮጵያን ኔትወርክ ለሚያውቅ ሰው ደረጃዎቹ እንግዳ አይሆኑም፤ 132 ኬቪ ከማስተላለፊያ ደረጃዎቻችን አንዱ ነው፣ 15 ኬቪ ደግሞ ከ33 ኬቪ ጋር የማከፋፈያ ደረጃችን ነው። ቁጥሮቹን ግን ለትምህርት እንዲመቹ መርጫቸዋለሁ እንጂ የአንድ የተለየ ጣቢያ አይደሉም።

ጄኔሬተሩ 60 ኤምቪኤ፣ 13.8 ኬቪ ሲሆን ሰብትራንዚየንት ሪአክታንሱ 20 በመቶ ነው። ቀጥሎ ያለው ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርገው ትራንስፎርመር 50 ኤምቪኤ፣ 13.2/132 ኬቪ፣ 10 በመቶ ነው፤ ትራንስፎርመር 1 እንበለው። ከዚያ 80 ኪሎ ሜትር የ132 ኬቪ መስመር አለ፤ በኪሎ ሜትር 0.4 ኦም ሪአክታንስ ስላለው በጠቅላላው 32 ኦም ነው። በመስመሩ ጫፍ ባለው ሰብስቴሽን ትራንስፎርመር 2 አለ፤ 25 ኤምቪኤ፣ 132/16 ኬቪ፣ 10 በመቶ። ከእሱ የሚወጣው የ15 ኬቪ ፊደር 6 ኪሎ ሜትር ነው፤ በኪሎ ሜትር 0.35 ኦም ቢሆን በድምሩ 2.1 ኦም። መጨረሻ ላይ 630 ኬቪኤ፣ 15/0.4 ኬቪ፣ 4 በመቶ የሆነው የሰፈር ትራንስፎርመር አለ፤ እሱ ትራንስፎርመር 3 ነው።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ጄኔሬተሩ 13.8 ሲል ከእሱ ጋር የተያያዘው ትራንስፎርመር 13.2 ይላል። ፊደሩ የ15 ኬቪ ቢባልም የሰብስቴሽኑ ትራንስፎርመር ያለጭነት የሚሰጠው 16 ኬቪ ነው። ይህ የፋብሪካ ስህተት አይደለም። ጭነት ሲመጣ በትራንስፎርመሩና በፊደሩ ላይ ቮልቴጅ ስለሚወርድ፣ የሚመግበው ወገን ከስሙ ትንሽ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ንድፉ ላይ «15 ኬቪ ባስባር» ተብሎ ቢጻፍም እርስዎ የሚያስፈልግዎት የኔምፕሌቱ ቁጥር ነው። ኔምፕሌቱን ማየት ካልቻሉ የትራንስፎርመሩን የፋብሪካ ፍተሻ ወረቀት ይጠይቁ።

ንድፉን በቀጠና ይከፋፍሉ

ባለ ቀለም እርሳስ ይዘው እያንዳንዱን ትራንስፎርመር እንደ ድንበር ይቁጠሩ። በሁለት ድንበሮች መካከል ያለው ሁሉ አንድ ቀጠና ነው፤ አንድ ቀጠና አንድ ቤዝ ቮልቴጅ ብቻ አለው። በእኛ ንድፍ ሦስት ትራንስፎርመሮች ስላሉ አራት ቀጠናዎች አሉ፤ የጄኔሬተሩ፣ የ132ቱ መስመር፣ የፊደሩና የ0.4ቱ። ቀለም መቀባት የልጅ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ንድፉ ሲሰፋና አሥራ አምስት ትራንስፎርመር ሲኖረው የሚያድንዎት ይህ ነው። ሁለት የተለያዩ ቀለሞች በመካከላቸው ትራንስፎርመር ሳይኖር ሲነካኩ ካዩ አንድ ቦታ ተሳስተዋል።

አንድ የኃይል ቤዝ፣ አንድ የቮልቴጅ ቤዝ

አሁን ሁለት ቁጥሮችን ብቻ ይምረጡ። የመጀመሪያው የኃይል ቤዝ ነው፤ ለንድፉ በሙሉ አንድ ነው፣ በትራንስፎርመር አይቀየርም። በማስተላለፊያ ሥራ 100 ኤምቪኤ የተለመደ ስለሆነ እሱን እንያዝ። ሁለተኛው በአንድ ቀጠና ብቻ የሚመርጡት የቮልቴጅ ቤዝ ነው። እኔ የ132ቱን መስመር እመርጣለሁ፤ ሁለት ትልልቅ ትራንስፎርመሮች የሚጋሩት ቀጠና ስለሆነ ከዚያ ወደ ሁለቱም ወገን መሄድ ይቀላል።

እዚህ ላይ ምርጫዎ አለቀ። የሌሎቹ ሦስት ቀጠናዎች ቤዝ ቮልቴጅ ከእንግዲህ በስሌት ይገኛል፤ በእያንዳንዱ ድንበር ላይ በኔምፕሌቱ ሬሾ ያሻግሩታል።

```
V1 = 132 × 13.2/132 = 13.2 kV
V2 = 132 kV
V3 = 132 × 16/132   = 16 kV
V4 = 16 × 0.4/15    = 0.4267 kV
```

የመጨረሻውን መስመር ደግመው ይዩት። ትራንስፎርመር 3 የ15/0.4 ነው፤ ወደ እሱ የደረሰው ቤዝ ግን 16 ነው። ስለዚህ በ0.4 ቀጠና ያለው ቤዝ 426.7 ቮልት ይሆናል። እንዲህ ያለ ያልተለመደ ቁጥር ሲያዩ ወደ 400 ለማስተካከል እጅዎ ይበላዎታል። ይተዉት። ቤዝ የመለኪያ አሃድ ነው፤ ማንም ሰው 426.7 ቮልት በሶኬቱ ያገኛል ማለት አይደለም። በተመሳሳይ ጄኔሬተሩ በ13.8 ኬቪ ቢሠራ፣ ከ13.2 ቤዝ ጋር ሲነጻጸር ቮልቴጁ 1.045 ፐር ዩኒት ነው ይባላል እንጂ ቤዙ ወደ 13.8 አይቀየርም።

የየቀጠናው ኢምፒዳንስና ከረንት ቤዝ

በእያንዳንዱ ቀጠና ሁለት ተከታይ ቤዞችን ያውጡ። ቮልቴጁን በመስመርና በመስመር መካከል ባለው፣ ኃይሉን ደግሞ በሦስቱም ፌዝ ድምር ከያዙት ቀመሩ እንዲህ ነው፤ ኬቪና ኤምቪኤ ሲያስገቡ ኦምና ኪሎ አምፔር ይወጣል።

```
Zbase = V² / S
Ibase = S / (√3 × V)
```

በ132ቱ ቀጠና የኢምፒዳንስ ቤዙ 174.24 ኦም፣ የከረንቱ 437 አምፔር ይሆናል። በጄኔሬተሩ ቀጠና 1.742 ኦምና 4,374 አምፔር፤ በፊደሩ ቀጠና 2.56 ኦምና 3,608 አምፔር፤ በ0.4ቱ ደግሞ 1.82 ሚሊ ኦምና 135.3 ኪሎ አምፔር። ይህን በንድፉ ላይ ከየቀጠናው ቀለም ጎን ይጻፉት፤ መጨረሻ ላይ መልሱን ወደ አምፔር ስንመልስ እንፈልገዋለን።

ሁለት ዓይነት ዕቃ፣ ሁለት ዓይነት መንገድ

ኢምፒዳንሱ በኦም የተሰጠዎት ዕቃ፣ ማለትም መስመርና ፊደር፣ ሥራው አጭር ነው፤ ለቀጠናው ቤዝ ያካፍሉት። መስመሩ 32 ለ174.24 ሲካፈል 0.1837 ፐር ዩኒት ነው። ፊደሩ 2.1 ለ2.56 ሲካፈል 0.820 ነው። ፊደሩን ለ2.25 ኦም ካካፈሉት 15 ኬቪን ቤዝ አድርገዋል ማለት ነው፤ ይመለሱ።

በመቶኛ የተሰጠ ዕቃ ግን አስቀድሞ በፐር ዩኒት ነው፤ ችግሩ የራሱን ኔምፕሌት ቤዝ አድርጎ የተሰጠ መሆኑ ነው። 20 በመቶ ማለት በ60 ኤምቪኤና በ13.8 ኬቪ 20 በመቶ ማለት ነው። ወደ እኛ ቤዝ የምናመጣው እንዲህ ነው፤

```
Xnew = Xold × (Snew/Sold) × (Vold/Vnew)²
```

የኃይሉ ክፍልፋይ አዲሱን ከላይ፣ የቮልቴጁ ክፍልፋይ ደግሞ አሮጌውን ከላይ ያደርጋል። ይህን በሽምደዳ ከመያዝ ምክንያቱን ማወቅ ይሻላል። ዕቃው ያለው ኦም አይቀየርም፤ የሚቀየረው የምናካፍልበት ቤዝ ነው። ቤዙ በቮልቴጅ ካሬ ያድጋል፣ በኃይል ይቀንሳል። ቤዙ ካደገ ፐር ዩኒቱ ያንሳል። የኃይል ቤዝ ከ60 ወደ 100 ሲያድግ የኢምፒዳንስ ቤዙ ስለሚያንስ ፐር ዩኒቱ ይጨምራል። ክፍልፋዩን ገልብጠው ካስገቡት ይህን በማሰብ ብቻ ስህተቱን ያገኙታል።

አሁን አራቱን ዕቃዎች እንለውጥ። «አሮጌ» ቮልቴጅ የምንለው የዕቃው ኔምፕሌት፣ «አዲስ» የምንለው ዕቃው የተገናኘበት ቀጠና ቤዝ ነው፤ ለትራንስፎርመር ሁለቱንም ከአንድ ወገን ይውሰዱ።

```
G : 0.20 × 100/60   × (13.8/13.2)² = 0.3643
T1: 0.10 × 100/50   × (132/132)²   = 0.2000
T2: 0.10 × 100/25   × (16/16)²     = 0.4000
T3: 0.04 × 100/0.63 × (15/16)²     = 5.580
```

የቮልቴጁ ክፍልፋይ ለሁለቱ ትልልቅ ትራንስፎርመሮች 1 መሆኑ ሰዎችን ያዘናጋል። «ታዲያ ለምን እጽፈዋለሁ» ብለው ይተዉታል፤ ከዚያ ለጄኔሬተሩና ለትራንስፎርመር 3 በልማድ ይረሱታል። ለጄኔሬተሩ መርሳት ዘጠኝ በመቶ ያህል ያሳንሰዋል። ለትራንስፎርመር 3 መርሳት ከ5.580 ወደ 6.349 ይወስደዋል። 1 ቢሆንም ይጻፉት።

የትራንስፎርመር 3 ቁጥር 5.58 መሆኑም አያስደንግጥዎት። አንድ የ630 ኬቪኤ ዕቃ በ100 ኤምቪኤ መስፈሪያ ሲለካ እንዲህ ይታያል። በእኔ ልምድ ቁጥሩን አይተው «ከ1 በላይ ሊሆን አይችልም» ብለው ነጥቡን ወደ ግራ የሚያዛውሩ አሉ፤ እንዲህ ያለ ገደብ የለም።

ድንበሩን ከሁለቱም በኩል ይፈትሹ

ወደ መደመሩ ከመሄድዎ በፊት ይህን ፍተሻ ያድርጉ፤ በትራንስፎርመር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የትራንስፎርመሩን ኦም ከከፍተኛው ወገን ያውጡና ለዚያ ወገን ቤዝ ያካፍሉ። ከዝቅተኛው ወገንም እንዲሁ ያድርጉ። ሁለቱ መልሶች አንድ መሆን አለባቸው።

ትራንስፎርመር 2ን እንውሰድ። ከ132 በኩል ኦሙ 0.10 በ132 ካሬ ተባዝቶ ለ25 ሲካፈል 69.70 ነው፤ ለ174.24 ሲካፈል 0.400። ከ16 በኩል ኦሙ 1.024 ነው፤ ለ2.56 ሲካፈል 0.400። ተስማሙ።

አሁን የወጣቱን ንድፍ እንፈትሽ። እሱ በፊደሩ ቀጠና 15 ኬቪን ቤዝ አድርጓል፤ የኢምፒዳንስ ቤዙ 2.25 ኦም ነው። ከ132 በኩል 0.400 ያገኛል፤ ከዝቅተኛው በኩል ግን 1.024 ለ2.25 ሲካፈል 0.455። አንድ ትራንስፎርመር ሁለት ቁጥር ሰጠው። በየትኛው ይሥራ? በየትኛውም ቢሠራ ትክክል አይሆንም፤ ምክንያቱም የጻፋቸው ቤዞች 132 ለ15 ሲሆኑ ትራንስፎርመሩ 132 ለ16 ነው። በጄኔሬተሩ በኩልም 13.8ን ቤዝ ስላደረገ ትራንስፎርመር 1 ከአንዱ በኩል 0.200፣ ከሌላው 0.183 ይሆንበታል። ይህን ያሳየሁት ቀን ቀዩን እስክሪብቶ አንስቶ ከአራቱ ቁጥሮች ሦስቱን ሰረዘ፤ 132 ብቻ ቀረ።

ፎልቱን ያስሉ፣ ከዚያ በኦም ያረጋግጡ

በሰብስቴሽኑ የፊደር ባስባር ላይ ሦስቱም ፌዝ ቢገናኙ የሚፈሰውን ከረንት እንፈልግ። ቀለል እንዲል ሬዚስታንስን ትተን፣ ከፎልቱ በፊት ጭነት የለም፣ ቮልቴጁም በየቦታው 1.0 ፐር ዩኒት ነው እንበል። ይህ ማለት ባስባሩ ላይ 16 ኬቪ አለ ማለት ነው። ከጄኔሬተሩ እስከ ባስባሩ ያሉት አራት ቁጥሮች ናቸው፤

```
0.3643 + 0.2000 + 0.1837 + 0.4000 = 1.148
I = 1.0 / 1.148 = 0.871 pu
```

አንድ ቁጥር፣ 0.871፣ በሦስት ቀጠናዎች ሁሉ ከረንቱ እሱ ነው። ወደ አምፔር የሚመልሱት በየቀጠናው ቤዝ ሲያባዙት ነው። በፎልቱ ቦታ 0.871 በ3,608 ሲባዛ 3,143 አምፔር ነው። በ132ቱ መስመር 381 አምፔር፤ በጄኔሬተሩ መውጫ 3,810 አምፔር። በሰብስቴሽኑ ያለው ብሬከር የሚቆርጠውን የመጀመሪያውን፣ በመስመሩ ጫፍ ያለው ሪሌይ ደግሞ የሚያየውን ሁለተኛውን ይይዛሉ። የአንዱን ቀጠና ቤዝ ለሌላው ማባዛት ሌላው የተለመደ ስህተት ነው፤ የሚታወቀውም 3,143ን ለ381 ሲያካፍሉ 8.25 ስለማይመጣ ነው። በእኛ ስሌት ይመጣል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠሩ አንድ ጊዜ ሙሉውን በኦም ያረጋግጡ። ሁሉንም ወደ 16 ኬቪ ወገን ያምጡ። የጄኔሬተሩ ኦም በራሱ ኔምፕሌት 0.6348 ነው፤ በትራንስፎርመር 1 ሬሾ ካሬ፣ በ100፣ ተባዝቶ 63.48 ይሆናል፤ ለ68.06 ሲካፈል 0.9327። ትራንስፎርመር 1 ከ132 በኩል 34.85 ነው፤ ሲሻገር 0.5120። መስመሩ 0.4702፤ ትራንስፎርመር 2 ደግሞ 1.024። ድምሩ 2.939 ኦም። የ16 ኬቪ የአንድ ፌዝ ቮልቴጅ 9,238 ቮልት ነው፤ ለ2.939 ሲካፈል 3,143 አምፔር። ያው ቁጥር ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ «13.8» የታየው በጄኔሬተሩ ኔምፕሌት ብቻ፣ «15» ደግሞ ፈጽሞ እንዳልታየ ልብ ይበሉ፤ ፐር ዩኒቱም እንዲሁ ነው።

ፎልቱ በሰፈሩ ትራንስፎርመር መውጫ ላይ ቢሆን ፊደሩንና ትራንስፎርመር 3ን ይጨምሩ። ድምሩ 7.549 ይሆናል፤ ከረንቱ 0.1325 ፐር ዩኒት፣ በ135.3 ሲባዛ 17.9 ኪሎ አምፔር። ይህን በአእምሮ ሊመዝኑት ይችላሉ። ትራንስፎርመር 3 ብቻውን፣ ከኋላው ወሰን የሌለው ኔትወርክ ቢኖረው፣ የተመዘገበ ከረንቱ 909 አምፔር ለ0.04 ተካፍሎ በ15 ኬቪ መግቢያ 22.7 ኪሎ አምፔር ይሰጥ ነበር፤ መግቢያው 16 ኬቪ ሲሆን 24.2። መልስዎ ከዚህ በላይ ከወጣ የሆነ ቤዝ ተዛብቷል፤ የሰፈር ትራንስፎርመር የራሱ ኢምፒዳንስ ከሚፈቅደው በላይ ማሳለፍ አይችልም።

በዚህ ዝቅተኛ ወገን ሬዚስታንስን መተዋችን ግን መልሱን ከፍ ያደርገዋል። በ132ቱ መስመር ሪአክታንሱ ስለሚያይል ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በቀጭን የ15 ኬቪ ሽቦ ግን ሬዚስታንሱ ከሪአክታንሱ ጋር ሊተካከል ይችላል። ለፊውዝና ለሪሌይ ማስተካከያ ትንሹን ከረንት ሲፈልጉ ሬዚስታንሱን በዚያው ቤዝ አካፍለው ያስገቡት። ደግሞም ሰብትራንዚየንቱን ስለተጠቀምን ያገኘነው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሳይክሎች ከረንት ነው፤ ከዚያ በኋላ የጄኔሬተሩ ድርሻ ይቀንሳል።

ሦስት ነጠላ ፌዝ ትራንስፎርመሮች ሲገጥሙዎት

አንዳንዴ ትራንስፎርመር 1 አንድ ዕቃ ሳይሆን ሦስት ነጠላ ፌዝ ዕቃዎች ናቸው። የእያንዳንዳቸው ኔምፕሌት 76.2/13.2 ኬቪ ይላል፤ በከፍተኛው ወገን በኮከብ፣ በዝቅተኛው በዴልታ ተያይዘዋል። ቤዙን በ76.2 ለ13.2 ካሻገሩት የጄኔሬተሩ ቀጠና 22.9 ኬቪ ይሆንብዎታል። ትክክለኛው ሬሾ በመስመሮች መካከል ያለው ነው፤ በኮከቡ ወገን 76.2 በስኩዌር ሩት 3 ተባዝቶ 132 ይሆናል፣ በዴልታው ወገን 13.2 እንዳለ ይቆያል። ኃይሉም የሦስቱ ድምር ነው። ስህተቱ በቮልቴጅ በ1.73፣ በኢምፒዳንስ ደግሞ ልክ በ3 እጥፍ ስለሆነ አንድ ዕቃ ሦስት እጥፍ ትልቅ ወይም ትንሽ መስሎ ከታየ መጀመሪያ እዚህ ይፈልጉ።

ኮከብ-ዴልታ ግንኙነት አንግሉንም በ30 ዲግሪ ያዞራል። ፐር ዩኒት የሚያጠፋው የቮልቴጅን መጠን ሬሾ ነው፤ አንግሉን አያጠፋውም። ለሦስት ፌዝ ፎልት የከረንት መጠን ብቻ ሲፈልጉ ችላ ሊሉት ይችላሉ። በሁለቱም ወገን ያለን ከረንት የሚያነጻጽር የዲፈረንሻል ሪሌይ ሲሠሩ ግን ማስገባት ግድ ነው።

ቤዙ የማይገጥምበት ቦታ

እስካሁን ንድፋችን እንደ ወንዝ በአንድ መንገድ ይሄድ ነበር። ሰብስቴሽኑ ሁለተኛ ትራንስፎርመር ከትራንስፎርመር 2 ጎን ለጎን ቢተክልስ? አዲሱም 25 ኤምቪኤና 10 በመቶ ነው፤ ሬሾው ግን 132/15 ኬቪ ነው። በአንዱ በኩል ሲሻገሩ የፊደሩ ቤዝ 16 ይሆናል፣ በሌላው በኩል 15። አንድ ቀጠና ሁለት ቤዝ ሊኖረው አይችልም። ምንም ያህል ቢሞክሩ ሁለቱን የሚያስማማ ምርጫ የለም።

በዚህ ጊዜ የሚደረገው ይህ ነው። የአንዱን፣ ለምሳሌ የ16ቱን፣ ሬሾ ይዘው ቤዙን ይወስኑ። ሌላውን ግን ከወረቀቱ ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ አይፍቀዱለት፤ ከሪአክታንሱ ጋር 15/16፣ ማለትም 0.9375፣ የሆነ ትንሽ ሐሳባዊ ትራንስፎርመር ይተዉለት። የኮምፒውተር ፕሮግራሞች «ታፕ» ወይም «ሬሾ» ብለው የሚጠይቁት ቁጥር ይኸው ነው። ሪአክታንሱም ከዝቅተኛው ወገን በ16 ቤዝ ሲቆጠር 0.4 በ0.9375 ካሬ ተባዝቶ 0.352 ይሆናል።

ይህን ትንሽ ቁጥር 1 ብሎ መተው ምን እንደሚደብቅ ይዩ። ሁለቱ ትራንስፎርመሮች ጭነት ሳይኖርባቸው ጎን ለጎን ቢዘጉ፣ በመካከላቸው 0.0625 ፐር ዩኒት የቮልቴጅ ልዩነት አለ። ልዩነቱ በዙሪያው ባለው 0.400 እና 0.352 ድምር ላይ 0.083 ፐር ዩኒት ከረንት ያዞራል፤ በ16 ኬቪ ወገን 300 አምፔር ነው። የትራንስፎርመር 2 የተመዘገበ ከረንት 902 አምፔር ስለሆነ፣ አንድም ደንበኛ ሳይገናኝ ከአቅሙ አንድ ሦስተኛው በከንቱ እየዞረ ነው ማለት ነው። ሬሾውን 1 ያደረገ ስሌት በዚያ ቦታ ዜሮ ያሳያል፤ በጣቢያው ያለው አሚተር ደግሞ 300።

ታፕ ቼንጀር ያለው ትራንስፎርመርም በዚሁ መንገድ ይያዛል። ታፑ በተነሳና በወረደ ቁጥር የንድፉን ቤዞች ሁሉ እንደገና አያውጡ። ቤዙን በኔምፕሌቱ ዋና ሬሾ አንዴ ያውጡ፤ ታፑ ከዋናው የራቀበትን፣ ለምሳሌ 1.025፣ በዚያው ትራንስፎርመር ላይ ለብቻው ያስቀምጡ። ጣቢያው ላይ ያለው የታፕ ቦታ ስንት እንደሆነ ግን ከሰነዱ ሳይሆን ከማሳያው ላይ ራስዎ አንብበው ይጻፉ።